የምክር ዓምድ፦ የሰው ምጣድ ላይ ✗ ከማስቀመጥዎ በፊት

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚያመርት ድርጅት የሽያጭና የማስታወቂያ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቱ ለባዛር የሚታተምና በቴሌግራም የሚለቀቅ የማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ ሠርተው አስተካክይው ብለው ሰጡኝ። አንዱ ዓምድ የእኛ፣ ሁለቱ በስም የተጠቀሱ ተፎካካሪዎች ናቸው። ረድፎቹ ‹33% ኃይል ይቆጥባል›፣ ‹አደጋ የለውም›፣ ‹ጥራት ያለው ሸክላ›፣ ‹የ2 ዓመት ዋስትና›፣ ‹ተመጣጣኝ ዋጋ› ይላሉ። በእኛ በኩል ሁሉም ✓፣ በነሱ በኩል ሁሉም ✗ ነው። ባለቤቱ ‹አንድም ውሸት አላስገባሁም› ይላሉ፤ እኔ ግን ስማችንን ከሥሩ ሳየው ፈራሁ። የቱን ልተው፣ የቱን ላስተካክል?»

መፍራትዎ ልክ ነው። ባለቤቱም ምናልባት አልዋሹም። የተበላሸው ምልክቱ ነው። ባለቤቱ ✗ ያስቀመጡት «እንደኛ አይደለም» ለማለት ሲሆን ገዢው ግን «የለውም» ወይም «የማይረባ ነው» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ በእርማቱ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሂዱ፦ ይህን ሳጥን ተፎካካሪው ራሱ፣ እየተናደደም ቢሆን፣ ለክቶ ወይም አይቶ «እንዲህ ነው» ሊል ይችላል? አይችልም ከሆነ ሳጥኑ ይቀየራል ወይም ይወጣል።

የሕጉን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃን በንግድ ማስታወቂያ ላይ በሐሰት ወይም በሚያሻማ መንገድ ማነጻጸርን ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር አድርጎ ይቆጥረዋል። «በሚያሻማ» የምትለዋን ቃል ለባለቤቱ አስምረው ያሳዩአቸው። «አልዋሸሁም» የሚለው መልስ የሚይዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ የማይታወቅ ✗ ደግሞ ሁለተኛው ግማሽ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ረድፎቹ። ዛሬውኑ የሚወጣው «አደጋ የለውም» ነው። በእናንተ በኩል ✓ ሲሆን «ማንንም አይነዝርም» የሚል ዋስትና ይሆናል፤ ይህን ቃል መግባት የሚችል የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች የለም። በነሱ በኩል ✗ ሲሆን ደግሞ «ይህ ድርጅት ሰው የሚጎዳ ዕቃ ይሸጣል» የሚል ክስ ነው፤ ያውም ያለ አንድ መስመር ማስረጃ። ባለቤቱ ይህን ረድፍ ሲጽፉ በልባቸው የነበረውን ነገር ይጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ መልሱ «የኛ መሬት መስመር አለው» የሚል ይሆናል። እንግዲያው ረድፉ «የመሬት መስመር ያለው መሰኪያ» ይባል፣ ሳጥኖቹም «አለው» ወይም «የለውም» ይሁኑ። ይህን ማንም ገዢ መሰኪያውን ገልብጦ ያየዋል። አካሉ ከመሬት መስመሩ ጋር መገናኘቱን ደግሞ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በሞካሪ ደቂቃ ሳይሞላ ያረጋግጣል። የራሳችሁንም በዚሁ መንገድ አስፈትሹ፤ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ተገጥሞ ሦስተኛው ሽቦ ውስጥ ሳይታሰር የቀረበት ምጣድ ብርቅ አይደለም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለዚህ ረድፍ ይመስላል። በፍተሻው ላይ የተፎካካሪው ምጣድ በእውነት አካሉ ኤሌክትሪክ ሲይዝ ከተገኘ ለአምራቹና ለሚመለከተው የቁጥጥር አካል በጽሑፍ ይነገር፤ የሽያጭ ወረቀት ላይ ግን አይወጣም።

«ጥራት ያለው ሸክላ» የሚለው ይሰረዝ። ጥራት ብቻውን አይለካም። «ተመጣጣኝ»፣ «ዘመናዊ»፣ «አስተማማኝ» የሚሉትም አብረውት ይሂዱ።

ዋስትናው ያለ ብዙ ድካም ይድናል። አሁን የረድፉ ስም «የ2 ዓመት ዋስትና» ስለሆነ 12 ወር የሚሰጠውም ምንም የማይሰጠውም እኩል ✗ አግኝተዋል። የእናንተን መልስ የረድፍ ስም ማድረግ የማነጻጸሪያ ሰንጠረዦች ሁሉ የተለመደ ተንኮል ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሠራው ሰው ሳያስበው ይሠራዋል። ረድፉን «የዋስትና ጊዜ» ብለው ሳጥኖቹ ውስጥ ወሩን ይጻፉ። ከዚያ የዋስትና ካርዶቹን ጎን ለጎን ያንብቡ። አንዱ የማሞቂያ ሽቦውን ብቻ፣ ሌላው ሽቦውንም ሸክላውንም ሊሸፍን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ወሩን ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል፤ «ሽቦ 24 ወር፣ ሸክላ አይጨምርም» ተብሎ ይጻፍ። የአንዱን ካርድ ማግኘት ካልቻሉ «በካርዱ ላይ አልተገለጸም» ወይም «መረጃ አላገኘንም» ይበሉ፤ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ባዶ ሳጥን ወይም ሰረዝ «የለውም» ተብሎ ይነበባል።

ዋናው ሥራ ያለው 33% ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። የእናንተ ምጣድ ላይ 2,400 ዋት፣ የተፎካካሪው ላይ 3,600 ዋት ተጽፎ ከሆነ ልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው፤ የተነጻጸረው ነገር ግን ሌላ ነው። ዋት ምጣዱ በየቅጽበቱ የሚስበው ነው። ገዢዋ የምትከፍለው ለኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይኸውም የሚስበው ኃይል በቆየበት ሰዓት ሲባዛ ነው። ዋቱ ያነሰ ምጣድ ለመጋል ይዘገያል፣ አንድ እንጀራ ከወጣ በኋላም ሙቀቱን ለመመለስ ይቆያል። እንበል የእናንተው ለመጋል 18 ደቂቃ፣ ከዚያ ለአንድ እንጀራ 4 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ለ20 እንጀራ ጠቅላላው 98 ደቂቃ፣ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የነሱ በ11 ደቂቃ ግሎ ለአንዱ 2 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ቢፈጅበት በ67 ደቂቃ፣ 4.0 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። 33% የተባለው ቁጠባ ወደ 2% ወይም 3% ወረደ፤ ቀጥለን እንደምናየው እሱም ላይኖር ይችላል።

ከመለካት በፊት የሞዴሉን ምርጫ ይመልከቱ። ሜትር ይዘው የሸክላውን ስፋት ይለኩ። የእናንተ 52 ሴንቲ ሜትር፣ የነሱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የእናንተ ገበታ በአንድ አራተኛ ያነሰ ነው፤ ያነሰ ኤሌክትሪክ ቢበላ የሚገርም አይደለም፣ እንጀራውም ያንሳልና። ተመሳሳይ ስፋት ያለውን ሞዴላቸውን ይምረጡ። የምትለኩትን ምጣድ እንደማንኛውም ገዢ ከሱቅ በደረሰኝ ይግዙት። ደንበኛ በቅያሪ የመለሰው አሮጌ ምጣድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ገንዘቡ ከፈቀደ ከየአንዳንዱ ሁለት ሁለት ይሁን፤ አንዱ ብቻ ከተለካ ያጋጠመው የዚያ ዕቃ ጉድለት የድርጅቱ ሁሉ ጉድለት ሆኖ ይታተማል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሁሉም ምጣዶች አዲስ ከሆኑ በአንድ ዓይነት ይሟሹ፤ በደንብ ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራው እየተያዘ ጊዜ ይበላል፣ ጥፋቱም የአምራቹ ይመስላል። ጋጋሪዋ አንድ ሰው ትሁን፣ ሊጡም ከአንድ ቡሃቃ ይውጣ። ለእያንዳንዱ እንጀራ የሚፈሰውን በሚዛን ይወስኑ፤ ለምሳሌ 500 ግራም። ምጣዱ ሌሊቱን የቀዘቀዘ ይሁን። ሸክላ ሙቀት ስለሚይዝ ከሁለት ሰዓት በፊት የተጋገረበት ምጣድ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይጠብቃችኋል። ኤሌክትሪኩን የምታነቡት ባለሙያ ባሰረው የኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪ ላይ ነው። 3,600 ዋት በ220 ቮልት ከ16 አምፔር በላይ ስለሚስብ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ትንንሽ መለኪያዎች ብዙዎቹ አይችሉትም፤ ሊቀልጡም ይችላሉ። ንባቡን ከማብራት በፊትና 20ኛው እንጀራ እንደወጣ ይመዝግቡ፣ ፎቶም ያንሱ።

ብዙዎች የሚስቱት ቮልቴጁን ነው። ምጣድ የሚስበው ኃይል የሚወርደው ከቮልቴጁ በበለጠ ፍጥነት ነው፤ ቮልቴጁ በ10% ሲወርድ ኃይሉ በ19% ይቀንሳል። በ220 ቮልት 3,600 ዋት የሚስበው ምጣድ በ198 ቮልት 2,900 ዋት አካባቢ ብቻ ይስባል። የእናንተን ጠዋት መብራቱ ደህና ሲሆን፣ የነሱን ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ብትለኩ የነሱ ምጣድ የዘገየው በመስመሩ ጥፋት ነው። ሰዓቱ ይፈራረቅ፦ በመጀመሪያው ቀን የእናንተ ጠዋት፣ የነሱ ከሰዓት፤ በማግስቱ በተቃራኒው። ከየአንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ሦስት ዙር ይወሰድ፣ በየዙሩም መጀመሪያና መጨረሻ ቮልቴጁ ይመዝገብ።

ውጤቱ ለምሳሌ የእናንተ 3.8፣ 3.9 እና 4.0፤ የነሱ 3.9፣ 4.0 እና 4.2 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይገባሉ። የእናንተ መጥፎ ቀን ከነሱ ጥሩ ቀን ይበልጣል። እንዲህ ከሆነ «ይቆጥባል» የሚል ቃል አይወጣም። ልዩነቱ ሰፊና የማይደራረብ ሆኖ ከተገኘም መቶኛውን ከምን ላይ እንዳሰሉት ይጠንቀቁ። እናንተ 4፣ እነሱ 5 ከሆነ የእናንተ ከነሱ በ20% ያንሳል፤ የነሱ ከእናንተ በ25% ይበልጣል። ሽያጭ ክፍሉ 25ን ይዞ «ይቆጥባል» ብሎ ይጽፋል፤ በዚህች ብቻ ሰንጠረዡ በሙሉ ይወድቃል። ደኅናው መንገድ መቶኛውን ትቶ ሁለቱን ቁጥሮች ማስቀመጥ ነው። «እስከ» የምትለዋንም አያስገቡ፤ «እስከ 33%» ማለት አንድ ቀን አንድ ቦታ ተገኝቷል ማለት ነው፣ እሱም አልተገኘም።

ባለቤቱ እዚህ ላይ ቅር ይላቸዋል። ነገር ግን ያው ሁለት ቁጥር ውስጥ ማንም ሊክደው የማይችል እውነተኛ ብልጫ አላቸው። 2,400 ዋት ማለት በ220 ቮልት 11 አምፔር ገደማ ነው። ሽቦው ሳስቶ ወይም ብሬከሩ 16 አምፔር ሆኖ 3,600 ዋት ሲሰካ የሚወድቅበት ቤት ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማረጋገጫውም ምጣዱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። «የሚስበው ኃይል» የሚል ረድፍ ይግባ፤ የነሱ ቁጥር ከፍ ማለቱ ስድብ አይደለም፣ እነሱም ራሳቸው የለጠፉት ነው። ከዚህ ረድፍ ቀጥሎ ግን ጊዜው መግባት አለበት፤ 98 ደቂቃና 67 ደቂቃ። የምትሸነፉበት ረድፍ ነው፣ አውቃለሁ። ዋቱ እንዲያንስ ያደረገው ነገር ራሱ ጊዜውን ያረዘመው ስለሆነ አንዱን አሳይቶ ሌላውን መደበቅ ገዢዋን ማሳሳት ነው፤ እሷም በመጀመሪያው ጋገራ ቀን ታውቀዋለች። በአውሮፓ ኅብረት የማነጻጸሪያ ማስታወቂያ ደንብ ውስጥ የሚነጻጸሩት ባሕርያት ለዕቃው ዋና፣ ተገቢ፣ የሚረጋገጡና ዕቃውን የሚወክሉ መሆን አለባቸው ይላል፤ ለረድፍ ምርጫ ከዚህ የተሻለ ወንፊት አላየሁም። ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች እዚያ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ወንፊቱ ግዴታ ነው።

ዋጋን በተመለከተ ምክሬ ከታተመው ወረቀት ላይ ጨርሶ እንዲወጣ ነው። የእናንተ ዋጋ ከፋብሪካ፣ የነሱ ከሱቅ ከሆነ፣ ወይም አንዱ 15% ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ ሌላው ሳይጨምር ከሆነ ንጽጽሩ ከመጀመሪያው ጠማማ ነው። ተስተካክሎም ቢገባ ወረቀቱ ሳያልቅ ዋጋው ይቀየራል። በቴሌግራም ላይ ማስገባት ካስፈለገ የሱቁ አካባቢና ዋጋው የታየበት ቀን አብረው ይጻፉ፣ በየወሩ የሚያድስ ሰውም በስሙ ይመደብ።

የተፎካካሪዎቹን ስም በተመለከተ «ሌሎች ምጣዶች» ብሎ ማድበስበስ የሚጠብቃችሁ መስሎ ይታያል። ሰፈሩ ውስጥ ሦስት አምራች ካለ «ሌሎች» ማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል፤ ቁጥሩን ማረጋገጥ ግን ማንም አይችልም፣ የትኛው ሞዴል እንደሆነ አልተነገረምና። ስማቸው ራሳቸው በሚጽፉበት አጻጻፍ ከነሞዴሉ ይግባ። ዓርማቸውን አያስገቡ። ሦስቱም ዓምዶች በአንድ ስፋት፣ በአንድ የፊደል መጠን ይሁኑ። ቀይና አረንጓዴ ቀለሙም ይውጣ፤ ቀይ መደብ ላይ የተጻፈ «12 ወር» ያው ✗ ነው። የነሱን ምጣድ ጥቀርሻ ለብሶ፣ የእናንተን አክንባሎው እያበራ ፎቶ ማንሳትም እንዲሁ።

ከእርማቱ በኋላ ሰንጠረዡ ይህን ይመስላል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ በራሳችሁ ልኬት ይተኩ። ሀ እና ለ ባሉበት ትክክለኛው ስምና ሞዴል ይገባል።

| | የእኛ | ሀ | ለ |
|---|---|---|---|
| የገበታው ስፋት | 60 ሳ.ሜ. | 60 ሳ.ሜ. | 60 ሳ.ሜ. |
| የሚስበው ኃይል (ከመለያ ጽሑፉ) | 2,400 ዋት | 3,600 ዋት | 3,300 ዋት |
| 20 እንጀራ የወሰደው ጊዜ | 98 ደቂቃ | 67 ደቂቃ | 75 ደቂቃ |
| 20 እንጀራ የፈጀው ኤሌክትሪክ (ኪሎዋት ሰዓት) | 3.8–4.0 | 3.9–4.2 | 3.9–4.3 |
| የመሬት መስመር ያለው መሰኪያ | አለው | አለው | የለውም |
| የማሞቂያ ሽቦ ዋስትና | 24 ወር | 12 ወር | በካርዱ ላይ አልተገለጸም |

ከሥሩ የሚገባው ጽሑፍ አጭር ይሁን፦ «ልኬቱን ያደረገው ድርጅታችን ነው፤ ቀን ____ ዓ.ም.። ከየሞዴሉ 2 ምጣድ ከሱቅ ተገዝቶ ለእያንዳንዱ ሞዴል 3 ዙር ተጋግሯል፤ ከቀዝቃዛ ምጣድ ተነሥቶ 20 እንጀራ፣ ለእያንዳንዱ 500 ግራም ሊጥ። ዝርዝሩን ለጠየቀ እንሰጣለን።» ለካነው ማለታችሁን አትደብቁ፤ «በጥናት እንደተረጋገጠ» የሚል ቃል ከገባ አንባቢው ሌላ ገለልተኛ ተቋም የለካው ይመስለዋል። ይህ ጽሑፍ በሥዕሉ ውስጥ መታተም አለበት። በቴሌግራም ከሥዕሉ በታች ብቻ ከተጻፈ ሥዕሉ ወርዶ ለሌላ ሲላክ ቀኑም ሞዴሉም ይቀራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በተሻሻለ ምጣዳቸው ላይ የእናንተ አሮጌ ቁጥር ሲዞር ይገኛል።

«ለጠየቀ እንሰጣለን» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ፋይል ትፈልጋለች። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ማስረጃ ይኑር፦ የግዢ ደረሰኝ፣ የመለያ ጽሑፉና የተከታታይ ቁጥሩ ፎቶ፣ የዋስትና ካርዱ፣ የቆጣሪው ንባብ ከነሰዓቱ፣ የቮልቴጅ መዝገቡ። ከዚያ ልኬቱ ላይ ያልነበረ አንድ ሰው፣ ሒሳብ ሹሟም ብትሆን፣ ፋይሉን ብቻ ይዛ ሰንጠረዡን ከባዶ ትሙላ። እሷ ልትሞላው ያልቻለችው ሳጥን ከሕትመቱ ይወጣል። የተለካውን ምጣድም አይሽጡት፤ ሰንጠረዡ እስካለ ድረስ መጋዘን ይቀመጥ።

ከመታተሙ በፊት ስለ ተፎካካሪዎቹ የተጻፈውን ብቻ ለእያንዳንዳቸው ልኮ «ስሕተት ካለ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ አሳውቁን» ማለት ይቻላል። ብዙ ባለቤቶች ጠላትን ማስጠንቀቅ አድርገው ያዩታል። በኔ ግምት ግን ለ የተባለው ድርጅት «አዲሱ መሰኪያችን የመሬት መስመር አለው» ብሎ አሁን ቢነግራችሁ፣ 5,000 ወረቀት ታትሞ በባዛር ከተበተነ በኋላ ጠበቃው ከሚነግራችሁ ይረክሳል።

ከታተመ በኋላም ደብዳቤ ከመጣ ቴሌግራም ላይ መልስ መስጠት አይጀምሩ። የተጠቀሰውን ሳጥን ከፋይሉ ጋር ያመሳክሩ። ማስረጃው ካለ ቅጂውን ይላኩላቸው። ከሌለ ወይም ዕቃቸው ከተቀየረ ሥዕሉን በዚያው ቀን አውርደው የታረመውን ከአዲስ ቀን ጋር ይልቀቁ፣ ባዛር ላይ ያለችው ሻጭም በእጇ የቀረውን ወረቀት ትመልስ። ለሻጮቹ አንድ መመሪያ ይበቃል፦ ስለ ሌላው ምጣድ ሲጠየቁ በወረቀቱ ላይ ያለውን ያንብቡ፣ ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ገዢ የዚያን ድርጅት ሱቅ ይጠቁሙ።